«ኖ ኮፒራይት» የሚል ጽሑፍ ፈቃድ አይደለም

«ጤና ይስጥልኝ። ቻናሌ ሞኒታይዝ ከሆነ ገና ሁለት ወሩ ነው። ስለ ጨረቃ የ11 ደቂቃ ቪዲዮ ሠርቼ ዩቲዩብ ላይ ለቀቅኩ። የመግቢያው ሙዚቃ ‹ኖ ኮፒራይት› ከሚል ቻናል ነው። መሃል ላይ የቤትሆቨን ፒያኖ አስገብቻለሁ። ምስሎቹን ከናሳ እና ከነፃ የቪዲዮ ድረ ገጾች ወሰድኳቸው። ሁሉንም ዴስክሪፕሽን ላይ ጠቅሻለሁ። በማግስቱ ሁለት ክሌም መጣብኝ፤ አንዱ በመግቢያው ሙዚቃ፣ አንዱ በፒያኖው። ገቢው ለእኔ እንደማይሆን ይናገራል። ቪዲዮውን ላጥፋው? ቻናሌስ ይዘጋብኛል? ከዚህ በኋላ ሙዚቃና ምስል ከየት ብወስድ ነው በሰላም የምተኛው?»

እህቴ፣ ቪዲዮውን አታጥፊው። ቻናልሽም በዚህ አይዘጋም።

የመጣብሽ ክሌም እንጂ ስትራይክ አይደለም። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ክሌም የሚመጣው ኮንተንት አይዲ ከሚባለው የዩቲዩብ ማሽን ነው። የሙዚቃ ባለመብቶች የዘፈናቸውን ቅጂ ለማሽኑ ይሰጡታል። ማሽኑ ደግሞ የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ያነጻጽራል። ድምፅ ከገጠመ ባለመብቱ ማስታወቂያው የሚያስገባውን ገንዘብ መውሰድ ወይም ቪዲዮውን ማገድ ይችላል። በቻናልሽ ላይ ግን ጥቁር ነጥብ አይጥልም። ስትራይክ የሚመጣው ባለመብቱ በሕግ መንገድ «ይውረድልኝ» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ቻናል የሚዘጋው ሦስት ስትራይክ በ90 ቀን ውስጥ ሲጠራቀም ነው። አንቺ እዚያ ደረጃ ላይ አይደለሽም።

አሁን የሚያስቸኩልሽ ነገር ቢኖር ቀኑ ነው። ክሌሙ ከመጣ በ5 ቀን ውስጥ ከተከራከርሽ፣ ገቢው ከክሌሙ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሳይከፈል ይያዛል። በመጨረሻ ለረታው ይሰጣል። ከ5 ቀን በኋላ ከተከራከርሽ ግን የሚያዘው ከተከራከርሽበት ቀን ጀምሮ ያለው ብቻ ነው። አዲስ ቪዲዮ ብዙ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ክሌሙ የገባበትን ቀን ዛሬውኑ እዪና ጻፊው።

ቀጥሎ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ግቢ። ከቪዲዮው ጎን Copyright የሚለውን ስትጫኚ ዝርዝሩ ይከፈታል። የተያዘው ሙዚቃ ስም፣ ባለመብት ነኝ የሚለው ወገን፣ ከስንት ደቂቃ እስከ ስንት ደቂቃ እንደተያዘ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሁለቱን ክሌሞች ለየብቻ እናያቸዋለን። በሽታቸው አንድ አይደለም፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ከፒያኖው እንጀምር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ቤትሆቨን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው። ድርሰቱ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ሰው ነው። አንቺ ቪዲዮሽ ውስጥ ያስገባሽው ግን ድርሰቱን ብቻ አይደለም። አንድ ፒያኒስት አንድ ቀን ስቱዲዮ ገብቶ የተጫወተውን ቅጂ ነው ያስገባሽው። በማንኛውም ሙዚቃ ውስጥ ሁለት መብት አለ። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ ዜማው፣ ግጥሙ፣ ኖታው። ሌላው የቅጂው ነው፤ ያ የተቀረፀ ድምፅ ራሱ። ደራሲው ከሞተ 200 ዓመት ሊሆነው ይችላል። ቅጂው ግን ያምና ሊሆን ይችላል። ቅጂውን ያወጣው ኩባንያ ገንዘቡን ቢጠይቅ እውነቱን ነው።

የወሰድሽው ከማን ገጽ ነው? ፒያኒስቱ ማን ነው? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ከሌለሽ አትከራከሪ። «ቤትሆቨን ነፃ ነው» ብለሽ ብትጽፊ ትሸነፊያለሽ። ይልቅ ስቱዲዮው ውስጥ ባለው ማስተካከያ ያንን ሙዚቃ አስወጪው። ሦስት አማራጭ አለ። ክፍሉን ቆርጦ ማውጣት፣ ድምፁን ማጥፋት፣ ወይም ከዩቲዩብ የራሱ ቤተ መጻሕፍት በሌላ ሙዚቃ መተካት። ቪዲዮውን ማውረድና እንደገና መጫን አያስፈልግሽም። ሊንኩ፣ ዕይታው፣ አስተያየቱ ባለበት ይቆያል። ማስተካከያው ሲያልቅ ክሌሙ በራሱ ይነሳል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። በፒያኖው ላይ እየተናገርሽ ከሆነ፣ መላውን ድምፅ ማጥፋት ንግግርሽንም ይዞት ይሄዳል። ሙዚቃውን ብቻ የሚያጠፋውን ምርጫ ሞክሪ። ከዚያ ንግግሩ ጥርት ብሎ መቅረቱን በጆሮ ማዳመጫ አረጋግጪ።

የክላሲክ ሙዚቃ ሌላም ጣጣ አለው። አንድን ድርሰት መቶ ፒያኒስት ይጫወተዋል፤ መቶውም ይመሳሰላል። ማሽኑም አንዳንዴ የአንዱን ለሌላው ይሰጣል። በነፃ የተለቀቀ ቅጂ ወስደሽ የሌላ ኩባንያ ክሌም ሊመጣብሽ ይችላል ማለት ነው። ሙዞፐን የሚባለው ድረ ገጽ የክላሲክ ቅጂዎችን ከነፈቃዳቸው ያስቀምጣል። ከእንደዚያ ዓይነት ቦታ ብትወስጂ ኖሮ የቅጂውን ገጽ ሊንክ አያይዘሽ በልበ ሙሉነት ትከራከሪ ነበር።

አሁን ወደ መግቢያው ሙዚቃ እንሂድ። «ኖ ኮፒራይት ሙዚቃ» የሚባል ነገር ስሙ ነው የሚያሳስተው። ዛሬ የተሠራ ሙዚቃ ሁሉ ባለቤት አለው። ትክክለኛው ጥያቄ «ባለቤቱ ምን ፈቀደ?» የሚለው ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ቻናሎች ደግሞ ባለቤት አይደሉም፤ የሌላ ሰው ሥራ ሰብስበው የሚለቁ ናቸው። እነሱ የፈቀዱልሽ ነገር የራሳቸው ካልሆነ ፈቃድ አይባልም።

ባለቤቱ ራሱ ፈቅዶም ክሌም ሊመጣ ይችላል። እንዴት ቢሉ፣ አንድ ወጣት ሙዚቀኛ ሥራውን በነፃ ይለቃል። ከዓመት በኋላ ያንኑ ሥራ በአከፋፋይ በኩል ወደ ሙዚቃ መተግበሪያዎች ይልካል። አከፋፋዩ ኮንተንት አይዲ ውስጥ ያስመዘግበዋል። ማሽኑ ፈቃድ ያላቸውንም የሌላቸውንም አንድ ላይ ይይዛል። ወይም ደግሞ ሌላ ሰው በዚያ ሙዚቃ ላይ ራፕ ያደርግበትና የራሱ ብሎ ያስመዘግበዋል። ያኔ ከሥሩ ያለው ሙዚቃ በገባበት ሁሉ ክሌሙ ይበተናል። የመጀመሪያው ሙዚቀኛ ራሱ ሳይቀር ይያዛል።

ስለዚህ ቻናሉን ተዪና የሙዚቀኛውን የራሱን ገጽ ፈልጊ። ፈቃዱን በትክክል ምን ብሎ እንደጻፈ አንብቢ። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኚው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለውን ፈቃድ ነው፤ በአጭሩ ሲሲ ይባላል። ከኋላው የሚመጡት ፊደሎች ናቸው ሁሉን የሚወስኑት። `CC0` ከሆነ ባለቤቱ መብቱን ሙሉ በሙሉ ትቶታል። `CC BY` ከሆነ ስሙን እስከጠቀስሽ ድረስ ገንዘብ በሚያስገባ ቪዲዮም ትጠቀሚበታለሽ። እነዚህ ሁለቱ ላንቺ ይሆናሉ።

`NC` የሚል ካየሽበት ለንግድ አይሆንም ማለት ነው። ቪዲዮሽ ማስታወቂያ ስላለበት ተዪው። `ND` የሚለው ግን ተንኮለኛ ነው። ትርጉሙ «ሳትለውጪ ተጠቀሚ» ነው። ሰው ይህን ሲያይ «እኔ ሙዚቃውን አልቆረጥኩትም፣ አልቀየርኩትም» ይላል። የፈቃዱ ጽሑፍ ግን አራተኛው እትም ላይ በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ ሙዚቃን ከሚንቀሳቀስ ምስል ጋር ማስማማት ራሱ እንደ መለወጥ ይቆጠራል። ስለዚህ `ND` ያለበት ሙዚቃ ለቪዲዮ ጀርባ አይሆንም። `SA` ካለ ደግሞ ቪዲዮሽን ራሱን በዚያው ፈቃድ ለሰው ሁሉ መልቀቅ አለብሽ። ያንን የምትፈልጊ አይመስለኝም።

ሙዚቀኛው `CC BY 4.0` ብሎ ጽፎ አገኘሽው እንበል። ያን ጊዜ ተከራከሪ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ አንዴ ከተሰጠ፣ ውሉን እስከጠበቅሽ ድረስ አይነጠቅም። Dispute የሚለውን ተጫኚና ምክንያቱን «ፈቃድ አለኝ» የሚለውን ምረጪ። ጽሑፉን አታርዝሚው። የሙዚቃው ስም፣ የሙዚቀኛው ስም፣ ፈቃዱ የተጻፈበት ገጽ ሊንክ፣ የወሰድሽበት ቀን። በቃ። ስለ ልፋትሽ፣ ስለ ቻናልሽ ማነስ አትጻፊ፤ አይጠቅምሽም። ከሳሹ 30 ቀን አለው። ካልመለሰ ክሌሙ ይወድቃል። ሊለቅልሽም፣ «አልቀበልም» ሊልም ይችላል። አልቀበልም ካለ ይግባኝ አለ፤ እዚያ ላይ ግን ቆም ብለሽ አስቢ። ይግባኝ ሲገባ ከሳሹ በ7 ቀን ውስጥ ወይ ይለቃል ወይ «ቪዲዮው ይውረድ» ብሎ ይጠይቃል። ከወረደ ስትራይክ ነው። ወረቀት በእጅሽ ካለ ይግባኝ በይ። ከሌለ ሙዚቃውን ቀይሪና እረፊ።

ዴስክሪፕሽን ላይ መጥቀስሽ ጥሩ ነው። ግን መጥቀስ ፈቃድን አይተካም። ሰውየው «ስሜን ጥቀሱና ተጠቀሙ» ካለ፣ መጥቀስሽ ውሉን መፈጸም ነው። ምንም ካላለ፣ የሰው ዕቃ ወስደሽ የባለቤቱን ስም መጻፍ ነው። «የቅጂ መብት ለመጣስ አላሰብኩም» የሚለው ዓረፍተ ነገርም፣ «ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ችግር የለውም» የሚለው ወሬም አያድንም። የተፈቀደ የሰከንድ ልክ የለም። ለ`CC BY` ሙዚቃ አጠቃቀስሽ እንዲህ ይሁን፦

```
Music: [title] by [artist]
Source: [page link]
License: CC BY 4.0
https://creativecommons.org/licenses/by/4.0/
Changes: shortened, faded out
```

የመጨረሻዋ መስመር ትረሳለች። ሙዚቃውን ካሳጠርሽው ወይም ካደበዘዝሽው ያንን መናገር ከውሉ አንዱ ነው።

ምስሎቹ ላይ እስካሁን ክሌም የለብሽም። ግን ልንገርሽ የሚገባ ነገር አለ። የናሳ ምስልና ቪዲዮ በአብዛኛው የቅጂ መብት የለበትም። ምንጩን መጥቀስ በቂ ነው። አርማውን ግን ናሳ የደገፈሽ በሚያስመስል መልኩ አታስገቢ። ደግሞ ናሳ የሚለቃቸው ፊልሞች ውስጥ ያለው ማጀቢያ ሙዚቃ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ምስሉን ውሰጂ፣ ድምፁን አጥፊው።

ያም ሆኖ ክሌም ላይቀርልሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ስታርፍ ናሳ በራሱ የዩቲዩብ ቻናል ቪዲዮውን ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮው ታገደ። አንድ የዜና ድርጅት ያንኑ የናሳ ምስል በዜናው ስላስተላለፈ፣ «የእኔ ነው» የሚል ጥያቄ አስገብቶ ነበር። በኋላ ተመለሰ። በናሳ የደረሰ ባንቺም ሊደርስ ይችላልና የወሰድሽበትን የናሳ ገጽ ሊንክ አስቀምጪ።

እንደ ፔክሰልስ እና ፒክሳቤይ ያሉት ነፃ ድረ ገጾች ደግሞ ገንዘብ ለሚያስገባ ቪዲዮ ይፈቅዳሉ። ስም መጥቀስም ግዴታ አያደርጉም። ገደብ ግን አላቸው። መልኩ በሚለይ ሰው ላይ መጥፎ ነገር እንዲታሰብ ማድረግ አይቻልም። ለምሳሌ አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲሄድ የሚያሳይ ክሊፕ አግኝተሽ፣ ጀርባው ላይ ስለ ሌብነት ማውራት አትችዪም። ያ ሰው ለካሜራው ፈቀደ እንጂ ሌባ መባልን አልፈቀደም። ቪዲዮ የሚሸጡት ድረ ገጾች ላይ ደግሞ `Editorial Use Only` የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። ያ ማለት በክሊፑ ውስጥ ያለው ሰው፣ ሕንፃ ወይም የንግድ ምልክት ፈቃድ አልፈረመበትም ማለት ነው። ለዜናና ለትምህርት ይሆናል። ስፖንሰር ያለበት፣ ዕቃ የሚያስተዋውቅ ቪዲዮ ላይ ግን አታስገቢው።

ነፃ ድረ ገጽ ላይ የሚጭነው ማንም ሰው ነው። የራሱ ያልሆነ ነገርም ይጭናል። እኔ አንድ ክሊፕ ከመውሰዴ በፊት የጫነውን ሰው ገጽ እከፍታለሁ። በአንድ ዓይነት ካሜራ፣ በአንድ አካባቢ የተነሱ ብዙ ክሊፖች ካሉት ደስ ይለኛል። ትናንት ተከፍቶ አንዱ የድሮን፣ አንዱ የባሕር ሥር፣ አንዱ የፊልም ትዕይንት የሚመስል ከሆነ እተወዋለሁ። አንድ ምስል ቆርጦ በምስል ፍለጋ ማየትም ብዙ ያሳያል። ዩቲዩብ ላይ «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» ተብሎ ምልክት የተደረገበትን ቪዲዮም በዚሁ ዓይን እዪው። ምልክቱን የሚያደርገው የጫነው ሰው ነው፤ ማንም አያጣራለትም።

ታዲያ ከየት ትውሰጂ? ለሙዚቃ መጀመሪያ የምልክሽ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ወዳለው Audio Library ነው። ዩቲዩብ ራሱ «ከቅጂ መብት አንፃር አስተማማኝ መሆኑን የማውቀው ይህንን ብቻ ነው» ይላል። እዚያ ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ። አንዱ ስም መጥቀስ አይጠይቅም። ሌላው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ስለሆነ ይጠይቃል፤ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እዚያው አዘጋጅቶ ይሰጥሻል። ግን ከስቱዲዮው ውስጥ ራሱ አውርጂ። በዚሁ ስም የተከፈቱ ሌሎች ቻናሎች አሉ፤ እነሱ ዩቲዩብ አይደሉም። ሾርትስ ላይ የሚገኙት ታዋቂ ዘፈኖችም ለሾርትስ ብቻ ናቸው። ወደ ረጅሙ ቪዲዮ ይዘሻቸው አትሂጂ።

የሚደመጠው ሁሉ ተመሳሳይ ሆኖ ከሰለቸሽ፣ እንደ ኤፒደሚክ ሳውንድ እና አርትሊስት ያሉ በክፍያ የሚሠሩ አሉ። «ሮያሊቲ ፍሪ» የሚለው ቃል እንዳያታልልሽ። ነፃ ማለት አይደለም። ከፍለሽ ፈቃድ ካገኘሽ በኋላ፣ በተጠቀምሽ ቁጥር ተጨማሪ ክፍያ አትጠየቂም ማለት ነው። ከመክፈልሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛው፣ ምዝገባዬን ባቋርጥ የለቀቅኳቸው ቪዲዮዎች ምን ይሆናሉ? እንደ ደንቡ በምዝገባው ጊዜ የለቀቅሽው እንደተፈቀደ ይቆያል። ካቋረጥሽ በኋላ የምትለቂው ግን አይሸፈንም። አውርደሽ ኮምፒውተርሽ ላይ ያስቀመጥሽው ሙዚቃ ላንቺ ቀረ ብሎ ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ቻናልሽን ማገናኘት ነው። ቻናልሽን ካላስመዘገብሽ ከፍለሽም ክሌም ይመጣብሻል፤ ማሽኑ ደረሰኝሽን አያውቅምና። ለሌላ ሰው ቻናል የምትሠሪ ከሆነም የሚመዘገበው ቪዲዮው የሚወጣበት ቻናል ነው።

አሁን ከምር የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ አንድ ፎልደር ክፈቺ። ከአንድ ድረ ገጽ ሙዚቃ ወስጄ ከሁለት ዓመት በኋላ ክሌም መጣብኝ። ፈቃድ ነበረኝ። ገጹን ልከፍት ስሄድ ግን ገጹ የለም። ድረ ገጹም ሌላ ነገር ሆኗል። በእጄ የቀረችው የዘፈኗ ፋይል ብቻ ነበረች፤ ፋይል ደግሞ ምንም አያስረዳም። ሙዚቃውን ቀየርኩት፣ ገቢውንም ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ከማውረዴ በፊት ስክሪንሾት አነሳለሁ። የሙዚቃው ስም፣ የፈቃዱ ጽሑፍ፣ ከላይ የድረ ገጹ አድራሻ፣ ከታች ቀኑ በአንድ ምስል እንዲታዩ አደርጋለሁ። ፒክሳቤይን የመሳሰሉ የፈቃድ ሰርተፍኬት የሚሰጡ ካሉ ያንንም አወርዳለሁ። ደረሰኝ ካለም ደረሰኙን። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የሚቀጥለውን ቪዲዮሽን ስትጭኚ ደግሞ ወዲያው ለሕዝብ አትክፈቺው። በግል አድርገሽ ጫኚው። Checks የሚለው ደረጃ ላይ ዩቲዩብ የቅጂ መብት ፍተሻውን ያካሂዳል። የሚያዝ ነገር ካለ ማንም ሳያየው፣ አንድ ሳንቲም ሳይሄድብሽ ይነግርሻል። አንድ ሌሊት አሳድሪው። ፍተሻው ዛሬ ያላገኘውን ከዓመት በኋላ ሊያገኝ ይችላል፤ አዲስ ሙዚቃ በየቀኑ ይመዘገባልና። ያኔም ቀኑን ትጽፊያለሽ፣ ፎልደርሽን ትከፍቺያለሽ፣ ስክሪንሾቱን አይተሽ በአምስት ቀን ውስጥ ትመልሺያለሽ።